ዳቦው ስንት ሰዓት ይወጣል?

አንድ የሰፈር ዳቦ ቤት ባለቤት የቪዲዮ ማስታወቂያ ላሠራ ብሎ ሲነሳ፣ መጀመሪያ የሚጽፈው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚል ነው፦ «ጥራትና ንጽሕና መለያችን ነው! ድርጅታችን በዘመናዊ ማሽኖችና በሠለጠኑ ባለሙያዎች ልዩ ልዩ ዳቦዎችን፣ ኬኮችን፣ ቦምቦሊኖና ኩኪሶችን እያዘጋጀ ለክቡራን ደንበኞቹ ያቀርባል። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለምርቃትና ለክርስትና ትእዛዝ እንቀበላለን። ይምጡ፣ ይጎብኙን፣ ይደሰታሉ!» በዚህ ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር ሲጨመርበት ሠላሳው ሰከንድ ያልቃል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ውሸት የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ማስታወቂያው የሚደርሰው ዳቦ ቤቱን በየቀኑ እያየ ለሚያልፍ ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ዳቦ ቤቱ ዳቦ እንደሚሸጥ ያውቃል። ማሽኑ ዘመናዊ ሆነ አልሆነ ጉዳዩ አይደለም። «ጥራት» የሚለውን ቃልም ከባንክ፣ ከትምህርት ቤትና ከቀለም ፋብሪካ ሲሰማ ስለሚውል ጆሮው ሳይነካው ያልፋል። የማያውቀውና ሊያውቀው የሚፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ትኩሱ ዳቦ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ነው። ቀድሞ ሲሄድ «ገና ነው» ይባላል፤ ዘግይቶ ሲሄድ የቀዘቀዘውን ይዞ ይመለሳል፤ ወይም አልቆ ያገኘዋል። እኔ የሰፈር ዳቦ ቤት ማስታወቂያ ስክሪፕት ስጽፍ ሁልጊዜ የምነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ሠላሳ ሰከንዱም የሚበቃው ለእሱ ብቻ ነው።

ዳቦን በማስታወቂያ ፊልም በማሳየት ከሚታወቁት ሥራዎች አንዱ በ1973 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ለሆቪስ ዳቦ የተሠራው ነው። ያዘጋጀው በኋላ በሲኒማው ዓለም ስሙ የገነነው ሪድሊ ስኮት ነበር። አንድ ልጅ ዳቦ የጫነ ብስክሌቱን እየገፋ በድንጋይ የተነጠፈ ቀጥ ያለ አቀበት ይወጣል። ሻፍትስበሪ የምትባለው ከተማ ውስጥ ያለው ያ አቀበት በዚህ ፊልም ምክንያት ዛሬም ጎብኚ ይመጣበታል። ብዙ ሰው ይህን የመሰለ ሥራ ሲያይ ለራሱ ዳቦ ቤትም ትዝታና ስሜት የሚቀሰቅስ ነገር መሥራት ያምረዋል። የሆቪስ ዳቦ ግን በአገሩ ሁሉ በየሱቁ የሚሸጥ ነበር። ተመልካቹ የትም ቢሆን ሊያገኘው ስለሚችል ስሙን ወድዶ ማስታወሱ ብቻ ይበቃል። የሰፈር ዳቦ ቤት የሚሸጠው በአንድ በር፣ በተወሰነ ሰዓት ነው። ተመልካቹ ፊልሙን ወድዶ ሰዓቱንና ቦታውን ካልያዘ ማስታወቂያው ለባለቤቱ የሠራለት ነገር የለም።

አሁን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከታክሲ ተራ ገባ ብሎ፣ ከትምህርት ቤት አጥር ጎን ያለ ዳቦ ቤት እናስብ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጋግራል። ሊጡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይቦካል፣ የመጀመሪያው ዳቦ ንጋት ላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተማሪ ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛም ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ሁለተኛ ዙር አለው። ስሙን «እገሌ» እንበለው።

ስክሪፕት ስንጽፍ ገጹን በሦስት እንከፍለዋለን፦ የሚታየው ምስል፣ የሚሰማው ድምፅና በስክሪኑ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ። ሦስቱ ጎን ለጎን የሚጻፉት የት ላይ እንደሚደራረቡ ለማየት ነው። ተራኪው እያወራ፣ ጽሑፍ እየወጣ፣ ምስሉም እየተቀያየረ ከሆነ ተመልካቹ አንዱንም አይይዝም።

ቃል ሲቆጠርም ልክ አለው። አማርኛ በአንድ ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ያሽጋል፤ «ይዘንላችሁ» ብቻውን ሙሉ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ የቃል ልክ አይሠራልንም። በእኔ ልምድ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ በሰው ልክ፣ ሳይጣደፉ የሚነገረው ከ40 እስከ 50 ቃል ነው። ከዚያ ካለፈ ተራኪው መሮጥ ይጀምራል፤ የዳቦ ቤቱ የራሱ ድምፅም ቦታ ያጣል። ስክሪፕቱ እንዲህ ነው፦

ከ0 እስከ 3 ሰከንድ
ምስል፦ ጨለም ያለ ክፍል። የምድጃው በር ይከፈታል፣ በዳቦ የተሞላ ትሪ ወደ ካሜራው ይሳባል፣ እንፋሎት ይወጣል።
ድምፅ፦ የምድጃው በርና የትሪው መንሸራተት ብቻ።
ጽሑፍ፦ ንጋት 12 ሰዓት

ከ3 እስከ 8 ሰከንድ
ምስል፦ የጋጋሪው እጅ በቅርብ። አንዱን ዳቦ ገልብጦ በጣቱ ጀርባ መታ መታ ያደርገዋል፤ ከዚያ ትሪውን መደርደሪያው ላይ ያስገባል።
ተራኪ፦ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ሰፈሩ ገና አልነቃም፣ ዳቦው ግን ደርሷል።
ጽሑፍ፦ የለም

ከ8 እስከ 13 ሰከንድ
ምስል፦ አንዲት ልጅ መስኮቱ ጋ። ሻጩ ዳቦውን በፌስታል ያቀብላታል።
ልጅቷ፦ ጋሼ፣ አምስት ዳቦ።
ሻጩ፦ ቀስ ብለሽ ያዢው የኔ ልጅ፣ ትኩስ ነው።
ጽሑፍ፦ ትኩስ ነው

ከ13 እስከ 19 ሰከንድ
ምስል፦ የቤት ጠረጴዛ፣ ሻይ በብርጭቆ። ሁለት እጆች ዳቦውን ለሁለት ይገምሱታል፣ እንፋሎቱ ይታያል።
ተራኪ፦ ሻይ እስኪፈላ ደርሶ መመለስ ይቻላል።
ጽሑፍ፦ የለም

ከ19 እስከ 24 ሰከንድ
ምስል፦ የከሰዓት ብርሃን። ሰዎች ከታክሲ ወርደው ወደ ቅያሱ ይገባሉ፤ መስኮቱ ላይ ሌላ ትሪ ይደርሳል።
ተራኪ፦ ከሰዓትም አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ዙር ይወጣል።
ጽሑፍ፦ ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል

ከ24 እስከ 30 ሰከንድ
ምስል፦ የዳቦ ቤቱ ፊት ከመንገዱ ማዶ፤ የትምህርት ቤቱ አጥር በግልጽ ይታያል። ካሜራው አይንቀሳቀስም።
ተራኪ፦ እገሌ ዳቦ ቤት። ከታክሲ ተራው ገባ ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን።
ጽሑፍ፦ እገሌ ዳቦ ቤት / ንጋት 12፣ ከሰዓት 10 ተኩል / ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን

ተራኪው፣ ልጅቷና ሻጩ ተደምረው 44 ቃል ይናገራሉ። «ጥራት» የለም፣ «ዘመናዊ» የለም፣ «ይምጡ» የለም። ኬኩም ቦምቦሊኖውም አልተነሱም። የበዓል ድፎ ዳቦ ትእዛዝ ትልቅ ገበያ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ደንበኛና የራሱ ወቅት ስላለው ከበዓሉ በፊት የሚወጣ ሌላ ማስታወቂያ ይሠራለታል። እዚህ ቢገባ ከሰዓቱ ወይም ከቦታው አንዱን ይነጥቀናል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ያለ ተራኪ የተተዉት ሆን ተብሎ ነው። ሰው ስልኩ ላይ ቪዲዮ የሚያየው በአውራ ጣቱ እያሳለፈ ነው። የዳቦ ቤቱን ስም በትልቁ ጽፈን ብንጀምር ማስታወቂያ መሆኑን ወዲያው አውቆ ያልፈዋል። ከምድጃ የሚወጣ ዳቦ ግን ከስሙ በፊት የሚታይና የሚሰማ ነገር ነው። ስሙ ለመጨረሻ የቀረውም ሰዓቱን የፈለገ ሰው የማንን ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ እስከዚያ ስለሚጠብቅ ነው።

ስክሪፕቱ ላይ «እንፋሎት ይወጣል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ካሜራ ላይ ማግኘቱ ግን የቀረጻው ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው። እንፋሎት የሚታየው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ለዚህ የአዲስ አበባ ንጋት ያግዛል። ከጀርባው ያለው ነገር ጠቆር ማለት አለበት፤ በነጭ ግድግዳ ፊት የሚነሳ እንፋሎት አይታይም። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚስተው፣ ብርሃኑ ከእንፋሎቱ ኋላ ወይም ከጎኑ መምጣት አለበት። ከካሜራው ጎን ሆኖ ፊት ለፊት የሚያበራ መብራት እንፋሎቱን ያጠፋዋል። ስለዚህ ቀራጩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደርሶ፣ ከፊቱ ያሉትን አምፖሎች አጥፍቶ፣ ከትሪው ኋላ በኩል አንዱን ብቻ ማስቀረት አለበት። ዕድሉ በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትሪው ከወጣ በኋላ «እንደገና አስገባው» ማለት አይቻልም። ከጋጋሪው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ በአንደኛው ዙር ያለ ቀረጻ ተለማምዶ፣ በሁለተኛው መቅረጽ ይሻላል። ጋጋሪው ሥራ ላይ ነው፤ ሊጡ ደርሶ ሳለ ካሜራ አይጠብቅም።

ዳቦው የሚገመስበት ምስልም የራሱ ምስጢር አለው። ብዙ ሰው ትኩስነቱን ለማሳየት ከምድጃ እንደወጣ ይገምሰዋል። በዚያ ደቂቃ የዳቦው ውስጥ ገና አልረጋም፤ ሲገመስ ይጎተታል፣ ይጣበቃል፣ በካሜራ ሲታይም ያልበሰለ ይመስላል። ትንሹ ክብ ዳቦ አምስት ደቂቃ ያህል ሲያርፍ ውስጡ ይረጋል፤ እንፋሎቱ ግን አሁንም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የተገመሰው ፊት ወደ ካሜራው ዞሮ ይገመሳል። ይህን ምስል ለመቅረጽ የሰው ቤት መሄድ አያስፈልግም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ መስኮት ሥር አንድ ጠረጴዛና ሻይ ይበቃል።

በስልክ ለሚቀርጽ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአምፖል ብርሃን የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ጥቁር ሰንበሮች ከላይ ወደ ታች ሲሄዱ ወይም ምስሉ ሲርገበገብ አይታችሁ ይሆናል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ ይደበዝዛሉ። ዓይን አያየውም፤ ካሜራው ፍጥነቱ ከዚህ ጋር ካልተጣጣመ ግን ይመዘግበዋል። ስልኩ ፍጥነቱን በእጅ ለማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ላይ ማድረግ ነው። ካልፈቀደ ሌላ አምፖል መሞከር፣ አለዚያም በሩን ከፍቶ በንጋቱ ብርሃን መሥራት ይሻላል። ሰንበሩ በትንሹ ስክሪን ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ጋጋሪው ሳይሄድ የመጀመሪያውን ቀረጻ አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል። ካሜራው በምድጃው ብርሃን ምክንያት የምስሉን ድምቀት በየጊዜው እንዳይቀያይርም ዳቦው ላይ ጣትን ተጭኖ በመያዝ መቆለፍ ይቻላል፤ ብዙ ስልኮች ይህን ይቀበላሉ።

የስክሪን ጽሑፉ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ማስታወቂያዎች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ነው። ብዙ ሰው ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ጽሑፉ ብቻውን ሰዓቱንና ቦታውን መናገር መቻል አለበት። ግን ተራኪው የሚለውን ሁሉ መድገም የለበትም። በስክሪፕታችን ከስድስቱ ክፍሎች ሁለቱ ጽሑፍ የላቸውም፤ ዳቦው ብቻውን እንዲታይ ነው። ቀጭንና ጌጠኛ ፊደል በትንሽ ስክሪን ላይ «ሰ»ን ከ«ስ»፣ «ተ»ን ከ«ቱ» ለመለየት ያስቸግራል፤ ወፈር ያለ ቀላል ፊደል ይመረጥ። አንዳንድ የማቀናበሪያ መተግበሪያዎች የመረጥነው ፊደል ግዕዝ ከሌለው በምትኩ ባዶ ሳጥን ያወጣሉ፤ ስለዚህ ያለቀውን ቪዲዮ በሌላ ሰው ስልክ ከፍቶ ማየት ነው። ለቲክቶክ ቪዲዮው ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ሆኖ ይቀረጻል፤ የስክሪኑን ታችና ቀኝ ጠርዝ ደግሞ የመተግበሪያው የራሱ ጽሑፍና ምልክቶች ይሸፍኑታል። የዳቦ ቤቱ ቦታ እዚያ ከተጻፈ ማንም አያነበውም። ከመሐል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የመጨረሻው ጽሑፍ ስድስት ሰከንድ ሙሉ የቆየው ሁለት ጊዜ ተነብቦ እንዲያልቅ ነው።

ሰዓቱ ላይ «ንጋት» እና «ከሰዓት» የሚሉት ቃላት በፍጹም አይቀሩም። «12 ሰዓት» ብቻውን ሲቀመጥ የማታውም ሊሆን ይችላል። በዚሁ ምክንያት የግድግዳ ሰዓት ወይም የስልክ ሰዓት ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ እንከላከላለን። ግድግዳው ላይ 6፡00 እየታየ ተራኪው አሥራ ሁለት ሲል ተመልካቹ ለአፍታ ያስባል፤ እኛ ደግሞ ለማሰቢያ የሚተርፍ አፍታ የለንም።

ቦታውንም እንደ አገሩ ልማድ ነው የምንናገረው። እዚህ ሰው ሰፈሩን የሚያውቀው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን በታክሲ ተራ፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ነው። ምልክቱ ግን ከመጨረሻው ምስል ጋር መገጣጠም አለበት። «ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን» ብለን የዳቦ ቤቱን በር ብቻ በቅርበት ካሳየን መንገዱን የማያውቅ ሰው አይረዳም። ካሜራው ከማዶ ቆሞ አጥሩንም በሩንም አብሮ ያሳይ።

ለተራኪነት የሬዲዮ አስተዋዋቂ ድምፅ ባይፈለግ ይሻላል እላለሁ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የምትሸጠው ሴት ወይም ባለቤቱ ራሱ፣ ለጎረቤት እንደሚያወራ አድርጎ ቢያነበው ተመልካቹ በማግስቱ በመስኮቱ ያንኑ ድምፅ ይሰማል። ቀረጻው ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት ክፍል፣ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ይካሄድ፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ተ» እና «ጰ» የመሰሉ ድምፆች ይፈነዳሉ። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ የዳቦ ቤቱ ክፍል ራሱ በሊጥ ማሽኑ ጩኸት የተሞላ ነው። ሙዚቃ ባይኖር አይጎድልም። የታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን ያለ ፈቃድ ለንግድ ማስታወቂያ ማስገባት ደግሞ የባለመብቱን መብት መንካት ነው። ለልጅቷም ቢሆን የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሠራተኛ ወይም የጎረቤት ልጅ ናት ተብሎ አይታለፍም።

ቪዲዮው ሲያልቅ ዳቦ ቤቱን ለማያውቅ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን አጥፍቶ ማሳየት፣ ለሌላ ሰው ደግሞ ስክሪኑን ሸፍኖ ማሰማት ጥሩ መፈተኛ ነው። ለሁለቱም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ሰዓት ትሄዳለህ? የትስ ነው? «ቆንጆ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። ሰዓቱን ካልመለሰ ጽሑፉ አጭር ጊዜ ቆይቷል፣ ወይም ደብዝዟል፣ ወይም ሌላ ነገር አብሮት ወጥቷል።

የቀረው ጥያቄ «ንጋት 12 ሰዓት» የሚለው ቃል ከየት መጣ የሚለው ነው። ስክሪፕት ጸሐፊው ባለቤቱን «ስንት ሰዓት ይወጣል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚነገረው የጥሩው ቀን ሰዓት ነው። በምሳሌአችን ዳቦ ቤት ይህ 11 ሰዓት ከ40 ይሆናል እንበል። መብራት የሄደ ዕለት፣ ዱቄት የዘገየ ዕለት፣ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ሊጡ ቶሎ ያልነሳ ዕለት ግን ይገፋል። ስለዚህ ጥያቄው ለጋጋሪው መቅረብ አለበት፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት በጣም የዘገየው ስንት ሰዓት ወጣ?» ተብሎ። 12 ካለ 12 ይጻፋል፤ 12 ሰዓት ተኩል ካለ ተኩሉ ይጨመራል። በማስታወቂያ አዋጁ፣ በቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። ከሕጉ በፊት ግን በንጋት ብርድ ወጥቶ «ገና ነው» የተባለ ጎረቤት አለ። እሱ በማግስቱ ወደ ሌላው ዳቦ ቤት ይሄዳል፣ ምክንያቱንም ለሰፈሩ ይነግራል።

ሰዓቱ በክረምት ወይም በጾም ወቅት ሊቀየር ስለሚችል ቀራጩ ሁለት ፋይል ማስረከብ አለበት፦ ያለቀውንና ምንም ጽሑፍ ያልተጻፈበትን። ተራኪውም በዚያው ቀን «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል» እና «አሥራ አንድ ሰዓት» የሚሉትን ለየብቻ ቢቀርጽ፣ ባለቤቱ ሰዓቱን ለመቀየር ዳቦውን እንደገና ማስቀረጽ አያስፈልገውም።